የጨው ውሃ ሬዚኑን እንዴት ያድሰዋል? ስለ ውሃ ማለስለሻ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የዚህ ጉባኤ ታዳሚዎች፣ መምህራን፣ በቦይለር ክፍልና በውሃ ማጣሪያ ክፍል የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ልታዳምጡኝ ስለ ተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ ጠንካራ ውሃን ስለሚያለሰልሰው ሬዚንና ይህ ሬዚን በጨው ውሃ ስለሚታደስበት መንገድ ነው። ብዙዎቻችሁ መሣሪያውን በየቀኑ ታዩታላችሁ፤ ሬዚን የሞላበት ረጅም ታንክ፣ አጠገቡ ጨው የተሞላ ሌላ ታንክ፣ ከላይ ደግሞ ቫልቭ። ጨው ይጨመራል፣ ቫልቩ በሰዓቱ ይዞራል፣ ለስላሳ ውሃ ይወጣል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሬዚኑ ካልሲየምን ከሶዲየም አብልጦ የሚወድ ከሆነ፣ ጨው ባፈሰስንበት ጊዜ የያዘውን ካልሲየም ለቅቆ ሶዲየምን መልሶ የሚቀበለው ለምንድን ነው? ጠዋት የመረጠውን ማታ እንዲተው የሚያደርገው ምንድን ነው? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ያረፈ ነው። በመጀመሪያ ሬዚኑ ምን እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ የጨው ውሃው ለምን እንደሚያሸንፍ፣ ከዚያም እድሳቱ በአንድ ታንክ ላይ በቁጥር ምን እንደሚመስል፣ በመጨረሻም ሥራው ሲበላሽ በምን እንደሚታወቅ እናገራለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

ውሃ ጠንካራ የሚባለው በውስጡ የሟሙ የካልሲየምና የማግኒዥየም አዮኖች ሲበዙበት ነው። እነዚህ አዮኖች ሳሙናን ወደ ዝቃጭ ይለውጡታል፤ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ካልሲየሙ ከባይካርቦኔት ጋር ሆኖ በማሞቂያው ግድግዳ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። የጥንካሬው መጠን በተለምዶ በካልሲየም ካርቦኔት ተመንዝሮ በሊትር ሚሊግራም ይነገራል። ዛሬ ለምሳሌ የምወስደው ውሃ በሊትር 300 ሚሊግራም ጥንካሬ ያለው ነው፤ ይህ በጣም ጠንካራ ከሚባለው ወገን ነው።

ሬዚኑ ወርቃማ ወይም ቡናማ ቀለም ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 1.2 ሚሊሜትር የሚሰፋ ክብ ፍሬ ነው። የፍሬው አጥንት ፖሊስታይሪን ሲሆን፣ ረጃጅሞቹን ሰንሰለቶች ዳይቫይናይልቤንዚን የተባለ ነገር እርስ በርስ አያይዟቸዋል። በዚህ አጥንት ላይ አሉታዊ ቻርጅ ያላቸው የሰልፎኔት ቡድኖች ተተክለዋል። እነዚህ ቡድኖች ከአጥንቱ ጋር የታሰሩ ስለሆኑ የትም አይሄዱም። እያንዳንዳቸው ግን አዎንታዊ ቻርጅ ያለው አጣማሪ ይፈልጋሉ፤ አዲስ በታደሰ ሬዚን ውስጥ ያ አጣማሪ ሶዲየም ነው። የፍሬው ግማሽ ያህል ክብደት ውሃ በመሆኑ አዮኖቹ በፍሬው ውስጥ እንደ ልብ ይገባሉ፣ ይወጣሉም።

ጠንካራው ውሃ በሬዚኑ መካከል ሲወርድ አንድ ካልሲየም ገብቶ ሁለት ሶዲየም ይወጣሉ፤ ምክንያቱም ካልሲየም ሁለት ቻርጅ፣ ሶዲየም ደግሞ አንድ ቻርጅ ስላለው ሂሳቡ እኩል መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ይህ ማጣራት አይደለም። ከውሃው ውስጥ አንድ ነገር ወጥቶ በምትኩ ሌላ ነገር ገብቷል። ስለዚህ በውሃው ውስጥ ያለው የሟሟ ጨው በጠቅላላ አልቀነሰም፤ እንዲያውም በክብደት በመጠኑ ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ማስተላለፍን የሚለካ መሣሪያ ይዛችሁ ከማለስለሻው በፊትና በኋላ ያለውን ውሃ ብትለኩ ቁጥሩ እምብዛም አይለወጥም። ብዙ ሰዎች ይህን አይተው «መሣሪያው አይሠራም» ብለው ደምድመው አይቻለሁ። መሣሪያው ይሠራል፤ ያልሠራው መለኪያው ነው፣ ምክንያቱም የተለካው ሌላ ነገር ነው። ለስላሳነትን ለማወቅ የጥንካሬ መመርመሪያ ያስፈልጋል፤ ኢዲቲኤ በተባለው ፈሳሽ የሚደረገው ምርመራ ጥንካሬ ባለበት ውሃ የወይን ጠጅ ዓይነት ቀይ ሆኖ ይጀምርና ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ሲያልቅ ሰማያዊ ይሆናል። በለስላሳ ውሃ ላይ ገና ከጅምሩ ሰማያዊ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ሂሳብ አለ። አንድ ሚሊግራም ጥንካሬ ሲወጣ 0.46 ሚሊግራም ሶዲየም ይገባል። ባለ 300 ሚሊግራሙ ውሃችን ሙሉ በሙሉ ሲለሰልስ በእያንዳንዱ ሊትር 138 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨመርበታል። በሐኪም ትእዛዝ ሶዲየም የሚቀንስ ሰው ያለበት ቤት የመጠጡን ውሃ ከማለስለሻው በፊት ካለው መስመር ቢወስድ መልካም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛውና ዋናው ነጥቤ ልለፍ። ሬዚኑ ካልሲየምን የሚመርጠው ለምንድን ነው? በጨው ውሃ ውስጥስ ምርጫውን የሚተወው ለምንድን ነው?

አዮን የመለዋወጥ ነገር በመጀመሪያ የታወቀው በአፈር ላይ ነው። በ1850 ቶምሰንና ዌይ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን አፈር አሞኒያን ይዞ በምትኩ ካልሲየምን እንደሚለቅ ጽፈው አሳወቁ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጋንስ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ይህንኑ ባሕርይ ውሃ ለማለስለስ ተጠቀመበት፤ በ1935 ደግሞ አዳምስና ሆልምስ ሰው ሠራሽ ሬዚን ሠሩ። ከጥንቱም ጀምሮ የታወቀ አንድ እውነት ግን አለ፤ ልውውጡ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል የሚወስነው የሬዚኑ ጠባይ ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያለው ውሃ ምን ያህል ጨው እንደ ያዘም ይወስናል።

ይህን በቁጥር ላሳያችሁ፤ ቁጥሩ ጥቂት ነውና ታገሡኝ። አንድ ሊትር ሬዚን በውስጡ ወደ 2 ሞል የሚጠጋ ቻርጅ ይዟል። ይህ በጣም የታመቀ ነው። በዙሪያው ያለው ጠንካራ ውሃ ግን በሊትር 0.008 ሞል ያህል ቻርጅ ብቻ ነው የያዘው። የሬዚኑ ውስጥ ከውጭው ውሃ 250 ጊዜ ያህል የታመቀ ነው ማለት ነው። አሁን አስቡት፤ አንድ ካልሲየም ሲገባ ሁለት ሶዲየሞች ይወጣሉ። ከታመቀው ወደ ሰፊው፣ ጨው ወደሌለበት ውሃ የሚወጡት ሁለት፣ በምትካቸው የሚገባው አንድ። ውሃው ቀጭን በሆነ መጠን ይህ ልውውጥ የበለጠ ይቀናዋል። ካልሲየም ከሬዚኑ ጋር ያለው የራሱ ቅርበት አለ፤ ከሶዲየም ጋር ሲነጻጸር የተወሰነ እጥፍ ብቻ የሚበልጥ ነው። ታላቁን ድርሻ የሚይዘው ግን ይህ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የመታመቅ ልዩነት ነው።

በዚሁ ሬዚን ላይ 10 በመቶ የጨው ውሃ ስናፈስበትስ? 10 በመቶ የጨው ውሃ በሊትር 1.8 ሞል ያህል ሶዲየም ይዟል። የሬዚኑ ውስጥ 2፣ ውጭው 1.8። ልዩነቱ ከ250 እጥፍ ወደ አንድ እጥፍ ገደማ ወረደ! ለካልሲየም ያደላ የነበረው ትልቁ ኃይል ጠፋ ማለት ነው። የቀረው ትንሹ የራሱ ቅርበት ብቻ ነው፤ እርሱንም በገፍ እየመጣ የሚያልፈው ሶዲየም ያሸንፈዋል፤ ምክንያቱም የተለቀቀው ካልሲየም በታንኩ ውስጥ አይቆይም፣ ከሚያልፈው ውሃ ጋር ወደ ማፍሰሻው ይሄዳል።

ወዳጆቼ፣ ይህን ከተረዳችሁ አብዛኛው የእድሳት ሥራ ይገባችኋል። ጨው በብዛት መጨመር ብቻውን አይበቃም። ጨው በበረታ ሙሙት መድረስ አለበት። አንድ ዓይነት 8 ኪሎ ጨው ውሰዱ። በ75 ሊትር ውስጥ ቢሟሟ 10 በመቶ ይሆናል፤ በ1,000 ሊትር ውስጥ ቢሟሟ ግን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በሁለተኛው መንገድ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት ተመልሶ ወደ 15 እጥፍ ገደማ ይወጣል፣ ሬዚኑም ካልሲየሙን አጥብቆ ይይዛል። ጨው ያው 8 ኪሎ ነው፤ የወጣው ገንዘብ ያው ነው፤ ብዙው ጨው ግን ሥራ ሳይሠራ ወደ ማፍሰሻው ያልፋል።

«እንግዲያው ጨው የጠገበውን ውሃ እንዳለ ለምን አናስገባውም?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጨው የጠገበ ውሃ 26 በመቶ ያህል ጨው አለው። 8 ኪሎ ጨው በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ 25 ሊትር ብቻ ነው፤ 50 ሊትር ሬዚን በደንብ ለማዳረስ አይበቃም፣ ቶሎ ያልፋል፣ አንዱን ጎን ነክቶ ሌላውን ይተወዋል። ከዚህም በላይ ፍሬው ከውስጡ ውሃ ተመጥጦ በድንገት ይኮማተራል፣ በመታጠብ ጊዜ ደግሞ በድንገት ያብጣል፤ ይህ መፈራረቅ ፍሬውን እያደር ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በተለምዶ ከ8 እስከ 12 በመቶ ያለው ይመረጣል። ከጨው ታንኩ የሚመጣውን ጨው የጠገበ ውሃ ከንጹሕ ውሃ ጋር ቀላቅሎ ወደዚህ መጠን የሚያወርደው በቫልቩ ውስጥ ያለው ትንሹ ኢንጀክተር ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ በአንድ ታንክ ላይ ላሳያችሁ። 50 ሊትር ሬዚን ያለበት ታንክ እንውሰድ፤ ውሃውም ያው ባለ 300 ሚሊግራሙ ይሁን።

የእድሳቱ መጀመሪያ ባክዋሽ ነው። ውሃው ከታች ወደ ላይ ይገባና የተጠቀጠቀውን ሬዚን ያነሣዋል፤ አልጋው የሚባለው የሬዚኑ ንጣፍ በግማሽ ያህል ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ በላዩ የተያዘው ደለልና የተሰባበረ ፍሬ ይወጣል። አሥር ደቂቃ ያህል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ዝልግልግነቱ ስለሚጨምር ሬዚኑ በቀላሉ ከፍ ይላልና ፍሬ ከታንኩ እንዳይወጣ ፍጥነቱ መቀነስ አለበት።

ቀጥሎ የጨው ውሃው ይገባል። 8 ኪሎ ጨው ለማዘጋጀት ወደ ጨው ታንኩ 22 ሊትር ያህል ውሃ መግባት አለበት፤ ምክንያቱም አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው 0.36 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ በኢንጀክተሩ ቀጥኖ 75 ሊትር ባለ 10 በመቶ የጨው ውሃ ይሆናል። በሰዓት 150 ሊትር ፍጥነት ቢገባ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ይህ ግማሽ ሰዓት ለምን አስፈለገ? አዮኖቹ ወደ ፍሬው መካከል ዘልቀው ገብተው መውጣት ስላለባቸው ነው። ፍሬው ትንሽ ቢመስልም ለአዮን ሩቅ መንገድ ነው።

ከዚያም ዝግተኛው እጥበት ይከተላል፤ በዚያው ፍጥነት ንጹሕ ውሃ ይገባል። እባካችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰዎች ይህን ክፍል «መታጠብ ብቻ ነው» ብለው ያሳጥሩታል። መታጠብ ብቻ አይደለም። ጨው መሳቡ በቆመበት ደቂቃ የጨው ውሃው ትልቅ ክፍል ገና በታንኩ ውስጥ ነው፣ ገና ሥራውን አልጨረሰም። ዝግተኛው ውሃ ከኋላው ሆኖ በቀስታ ይገፋዋል፣ የታችኛው ሬዚንም ድርሻውን የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ለዚህ ታንክ 100 ሊትር፣ ማለትም 40 ደቂቃ ያህል እሰጠዋለሁ። በመጨረሻ ፈጣኑ እጥበት የቀረውን ጨው ያወጣል፣ የጨው ታንኩም ለሚቀጥለው ጊዜ ውሃ ይሞላል።

ይህን ለተማሪዎች ሳስተምር የማደርገው ነገር አለ። እድሳቱ ሲጀመር የማፍሰሻውን ቱቦ ጫፍ ይዤ በየአምስት ደቂቃው አንድ አንድ ብርጭቆ እቀዳለሁ፤ ብርጭቆዎቹን በተርታ እደረድራቸዋለሁ። ሁሉም ንጹሕ ውሃ ይመስላሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ የሟሟበት ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ብርጭቆዎች ላይ እምብዛም ነገር አይታይም፤ ታንኩ ውስጥ የነበረው ውሃ ነውና። ቀጥሎ ያለው በስሱ ይደፈርሳል። ከዚያ ድንገት አንዱ ብርጭቆ እንደ ወተት ነጭ ይሆናል፤ ካልሲየሙ በገፍ የሚወጣበት ሰዓት ይህ ነው፣ ሶዳውም ካልሲየም ካርቦኔት አድርጎ ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት እያደር እየሳሱ ይሄዳሉ፤ የመጨረሻዎቹ እንደገና ጥርት ያሉ ናቸው። ተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚገርማቸው ነጭ ከሆኑት ብርጭቆዎች ብዙዎቹ የተቀዱት ጨው መሳቡ ካቆመ በኋላ መሆኑ ነው። ዝግተኛውን እጥበት ማሳጠር ማለት እነዚያን ነጭ ብርጭቆዎች በሬዚኑ ውስጥ መተው ማለት ነው።

አሁን የጨው መጠንን እንይ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በኬሚስትሪው ሂሳብ ብቻ ከሆነ አንድ ግራም ጥንካሬ ለማስለቀቅ 1.17 ግራም ጨው ይበቃል። በተግባር ግን ከዚህ ብዙ ይበልጣል። የ50 ሊትሩ ሬዚን ሙሉ አቅሙ 5 ኪሎ ያህል ጥንካሬ መያዝ ነው፤ ይህን አቅም ሙሉ በሙሉ ለመመለስ የሚያስፈልገው ጨው ግን የማይቻል ያህል ይበዛል፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ካልሲየም እንደ መጀመሪያው በቀላሉ አይለቅም። እንደ ሬዚኑና እንደ ውሃው ከፍ ዝቅ ቢልም በተለምዶ የሚገኘው ውጤት እንዲህ ነው። በ4.8 ኪሎ ጨው የሚታደስ ታንክ 2.3 ኪሎ ያህል ጥንካሬ ይይዛል፤ በእኛ ውሃ ይህ 7,600 ሊትር ገደማ ነው። በ8 ኪሎ ጨው 2.85 ኪሎ ይይዛል፤ 9,500 ሊትር ነው። በ12 ኪሎ ጨው ደግሞ 3.45 ኪሎ፤ 11,500 ሊትር።

እዩት! ጨው ከ4.8 ወደ 12 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት እጥፍ ተኩል ሲሆን፣ የተገኘው ለስላሳ ውሃ በግማሽ ብቻ ነው የጨመረው። በሺህ ሊትር ሲታሰብ በትንሹ መጠን 0.63 ኪሎ፣ በመካከለኛው 0.84 ኪሎ፣ በትልቁ 1.04 ኪሎ ጨው ይወጣል። በኬሚስትሪው ሂሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ 0.35 ኪሎ በበቃ ነበር። ስለዚህ ለቤትና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ውሃ ከሆነ በትንሽ ጨው ቶሎ ቶሎ ማደስን እመክራለሁ፤ ቁጠባው ግልጽ ነውና። ሁልጊዜም ከሂሳቡ አሥር በመቶ ያህል ቀንሼ አስቀድሜ አድሳለሁ፤ ውሃው መጠንከሩ ከታወቀ በኋላ ማደስ ዘግይቶ መድረስ ነው።

ለቦይለር ግን ነገሩ ይለያል፤ ምክንያቱም ትንሽ ያመለጠ ጥንካሬ እንኳ በቦይለር ውስጥ ይከማቻል። ጨው ከላይ ወደ ታች በሚፈስበት ታንክ ከላይ የተለቀቀው ካልሲየም በመውጫው መንገድ ላይ ያለውን ሬዚን ያልፋል፤ ስለዚህ በደንብ ያልታደሰው ክፍል ከታች፣ ልክ ከመውጫው አጠገብ ይቀራል። ቀጥሎ ሥራ ሲጀመር ከላይ የለሰለሰው ውሃ ሶዲየም ተሸክሞ ወደ ታች ይደርሳል፤ ያ ሶዲየም ከታች ከቀረው ካልሲየም ጥቂቱን አስለቅቆ ይዞት ይወጣል። ይኸው እድሳት ራሱ ነው፣ በትንሹና ባልተፈለገበት ሰዓት የሚደረግ። ውሃው ብዙ ጨው የያዘ ከሆነ ይህ ማምለጥ ይበረታል። መፍትሔው ጨው ከታች ወደ ላይ የሚገባበት ታንክ ነው፤ ያን ጊዜ ከሁሉ የተሻለ የታደሰው ሬዚን መውጫው ላይ ያለው ይሆናል፣ በአነስተኛ ጨውም በጣም የጠራ ለስላሳ ውሃ ይገኛል። በእንዲህ ያለው ታንክ ውስጥ ግን ጨው ወደ ላይ ሲያልፍ አልጋው መነሣትና መቀላቀል የለበትም፤ ከተቀላቀለ ጥቅሙ ሁሉ ይጠፋል።

ወደ መጨረሻው ነጥቤ ደርሻለሁ። ሥራው ሲበላሽ በምን ይታወቃል?

አንድ ጊዜ በአንድ የሥራ ቦታ የቦይለር ውሃ ጠንክሮ ተጠራሁ። ቫልቩ በሰዓቱ ይዞራል፣ ድምፁም ደህና ነው፣ የጨው ታንኩ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሬዚኑ አርጅቷል ተብሎ አዲስ ለመግዛት ተወስኖ ነበር። ቦይለሩን የሚጠብቁት አዛውንት ግን ወደ ጎን ጠሩኝና «ልጄ፣ ጨው መጨመር ካቆምን ቆይቷል፤ አይጎድልም» አሉኝ። «ጋሼ፣ መልሱን ነገሩኝ» አልኳቸው። ጨው የማይጎድልበት ታንክ እድሳት የማይደረግበት ታንክ ነው! የመጥረጊያ እንጨት ተቀብዬ ጨዉን በቀስታ ወደ ታች ስገፋው ጥቂት ከሄደ በኋላ እንጨቱ ደረቅ ነገር ነካ፤ ጠበቅ አድርጌ ስገፋው ቅርፊቱ ተሰብሮ እንጨቱ ባዶ ውስጥ ገባ። ጨዉ እርጥበት እየያዘና እየደረቀ እንደ ጣሪያ ተጋግሮ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ከታች ያለው ውሃ ጨዉን አይነካውም ነበር፤ ስለዚህ በየእድሳቱ ቫልቩ ወደ ሬዚኑ የሚስበው ጨው የለሽ ውሃ ነበር። ቅርፊቱን ሰባብረን፣ ሙቅ ውሃ አፍስሰን፣ ጨዉ እንዲሟሟ ጥቂት ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በሙሉ መጠን ታደሰ፤ ሬዚኑም ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምነግረው ታንኩን እስከ አፉ እንዳይሞሉት፣ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ብቻ እንዲያደርጉት፣ የጨዉንም ከፍታ በየሳምንቱ በግድግዳው ላይ ምልክት እያደረጉ እንዲከታተሉት ነው።

ጨዉ እየጎደለ ውሃው ከጠነከረስ? ያን ጊዜ የጨው ውሃውን ጥንካሬ መለካት ይገባል። ጨው በሚሳብበት ሰዓት ከማፍሰሻው ቀድታችሁ በጨው መለኪያ ተንሳፋፊ እዩት፤ ከፍተኛው ከ6 ወይም ከ7 በመቶ በታች ከቀረ ኢንጀክተሩ ተደፍኗል ወይም ውሃ አብዝቶ እየቀላቀለ ነው፣ አለዚያም ቱቦው አየር ይስባል። ኢንጀክተሩን ፈትቶ በለስላሳ ነገር ማጽዳት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቀዳዳውን በሽቦ አትውጉት፤ ቀዳዳው ከሰፋ መጠኑ ለዘለቄታው ይዛባል።

የጨው ውሃው ትክክል ሆኖ ውሃው ከጠነከረ ብቻ ነው ሬዚኑን የምንጠረጥረው። የሟሟ ብረት ያለበት ውሃ በፍሬው ውስጥና ዙሪያ ዝገት ይተዋል፤ ፍሬው ቀይ ቡናማ ሆኖ ይጠቁራል። ዝገትን ጨው አያስለቅቀውም፤ ለዚህ ሲትሪክ አሲድ ወይም ለሥራው የተዘጋጀ ማጽጃ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ብረቱን ከማለስለሻው በፊት ማውጣት ነው። ክሎሪን ደግሞ ሰንሰለቶቹን ያያዘውን ነገር ይበጥሰዋል፤ ፍሬው ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ጥቂት ፍሬ በጣታችሁ መካከል ይዛችሁ ጫን በሉት፤ ጤነኛው ጠጣር ነው፣ የተበላሸው ግን ይጨፈለቃል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሬዚን እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ የውሃው ግፊትም ይወድቃል፤ ማንኛውም ጨው አይመልሰውም፣ መለወጥ ነው ያለበት።

ከማፍሰሻው የሚወጣው ውሃ ነገርም ይቀራል። በውስጡ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ማግኒዥየም ክሎራይድና ሥራ ላይ ያልዋለው ጨው አለ። በ8 ኪሎ ጨው ከሚታደሰው ታንካችን ከገባው ጨው ውስጥ ሥራ የሠራው 3.3 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው እንዳለ ይፈስሳል። ይህን ውሃ በአትክልት ላይ ማፍሰስ አይገባም፤ ሶዲየሙ ሸክላማ አፈርን ያበላሻል፣ ውሃ እንዳያሰርግም ያደርገዋል፣ ክሎራይዱም ሥሩን ይጎዳል። ለዚህ ተብሎ ወደ ተሠራ ማፍሰሻ መሄድ አለበት፤ ከማፍሰሻው ጋርም ቱቦው በቀጥታ መያያዝ የለበትም፣ ቆሻሻ ውሃ ወደ ታንኩ እንዳይመለስ በመካከል የአየር ክፍተት ይተውለት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ ከታንካችሁ የቀዳችሁትን ውሃ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁም መመርመሪያው እዚሁ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ አብረን እናየዋለን።